ጨረቃ የማትመልሰው የቅዳሜ ቀጠሮ

«የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ከአንድ ልጅ ጋር በስልክ ከተዋወቅን ሁለት ወር ሆኖናል፤ አሁን ቅዳሜ 11 ሰዓት ደብረ ብርሃን እንገናኝ አለኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ስልኬ ላይ አንድ የታሮት ካርታ ብስብ ጨረቃ የምትባለው ካርታ ቀጥ ብላ ወጣች። ጓደኛዬ ‹አይሆንም ማለት ነው› አለችኝ። ደግሜ ብስብ ደግሞ ‹ይሆናል› የሚል መጣ። የትኛውን ልመን?»

እኔ የትኛውንም ባታምኚ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ካላስረዳሁሽ ግን የእኔም ቃል ከካርታው ቃል አይሻልም። ጥንቆላ በእምነታቸው የተከለከለ በመሆኑ ካርታውን ጨርሶ የማይነኩ አንባቢዎች በሰሜን ሸዋ ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁ። ይህ ጽሑፍ ግን ካርታውን ስባ ልቧ ለሁለት ለተከፈለ ሰው ስለሆነ፣ አሠራሩን ራሱን ቀርበን እንየው።

ታሮት 78 ካርታ አለው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ሲጀመር መጫወቻ ነበር፤ ለጥንቆላ መዋሉ የተስፋፋው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ነው። ዛሬ በየስልኩ በብዛት የሚታየው ሥዕል አርተር ዌይት አስቦት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የወጣው ነው። በዚህ ሥዕል ላይ ጨረቃዋ የሰው ፊት አላት፤ ከሥሯ አንድ ውሻና አንድ ተኩላ አንጋጠው ይጮኻሉ፤ ከኩሬው ቅርፊታም የውኃ እንስሳ ብቅ ይላል፤ ከኩሬው ዳር የሚነሳ ቀጭን መንገድ ደግሞ በሁለት ግንቦች መካከል አልፎ ወደ ተራራው ይዘልቃል። «ሂጂ» ወይም «ቅሪ» የሚል ነገር ግን የትም ቦታ የለበትም።

«አዎ» እና «አይሆንም» የሚመጡት ከሥዕሉ ሳይሆን ፈቺው ከያዘው ደንብ ነው፤ ደንቡም አንድ አይደለም። አንዳንዱ ካርታው ቀጥ ብሎ ከወጣ አዎ፣ ተዘቅዝቆ ከወጣ አይሆንም ይላል። ሌላው ደግሞ አቀማመጡን ትቶ የካርታውን ጠባይ ይመለከታል። ዌይት ለጨረቃ የሰጣት ፍቺ ስውር ጠላት፣ ማታለልና ስሕተት ስለሆነ፣ በዚህ በሁለተኛው መንገድ መልሷ ወደ «አይሆንም» ያጋድላል። ጓደኛሽ የፈታችልሽ በዚህ ነው። የመጀመሪያውን ደንብ ብትከተል ኖሮ ግን የዚያችው ቀጥ ብላ የወጣች ጨረቃ ፍቺ «ሂጂ» በሆነ ነበር። ካርታውም ልጁም ቅዳሜም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ደንቡ ብቻ ነው። ደንቡን አስቀድሞ ያልወሰነ ሰው፣ ካርታው ከወጣ በኋላ ልቡ ያዘነበለበትን ደንብ ሳያውቀው ይመርጣል።

ደግሞ መሳብ ነገሩን ያባብሰዋል። ለቀላል ስሌት «አዎ» እና «አይሆንም» እኩል ዕድል አላቸው እንበል። አንድ ጊዜ ስትስቢ «አዎ» የማግኘት ዕድልሽ ከሁለት አንድ ነው። እስከ ሦስት ጊዜ ከሳብሽ፣ ቢያንስ አንዱ «አዎ» የመሆን ዕድሉ ከስምንት ሰባት ይደርሳል፤ ሦስቱም «አይሆንም» የሚሉት ከስምንት አንዴ ብቻ ነውና። የሚፈልገው እስኪወጣ የሚስብ ሰው መልስ እየጠየቀ ሳይሆን የሚፈልገውን እየጠበቀ ነው። ሁለተኛው ካርታሽ የመጀመሪያውን ያላረመው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም የተሳቡት በዕጣ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጥያቄው ነው። «ልሂድ ወይስ ልቅር» ስትዪ በአንድ ቃል ቢያንስ አራት ነገር ጠይቀሻል፤ ሰውየው ነኝ ያለው ሰው ነው ወይ፣ ቦታው ያሰጋል ወይ፣ በጊዜ ቤቴ እመለሳለሁ ወይ፣ እንዋደዳለን ወይ። ለአንዱ «አዎ»፣ ለሌላው «አይሆንም» ሊሆን ይችላል፤ አንድ ካርታ የትኛውን እንደመለሰ የሚታወቅበት መንገድ የለም። አያቴ ቤት ለቡና የምትመጣ ስኒ አንባቢ ትዝ ትለኛለች። ስኒውን ከማንሳቷ በፊት «ማን ነው፣ የየት አገር ሰው ነው፣ ምን አለሽ» እያለች ረጅም ጊዜ ትጠይቅ ነበር። ከስኒው ይልቅ የሚጠቅመው ያ ጥያቄዋ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንግዲህ አራቱን ለያይተሽ እያንዳንዱን መልስ ወዳለበት ውሰጂው። በጣም ግልጹ የመመለሻው ጉዳይ ነው። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በጣርማ በር ያልፋል፤ እዚያ ጉም ሲወርድ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና ለማየት ይቸገራል። 11 ሰዓት የተቀጠረ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ቢቀመጥ መሽቶበታል። ስለዚህ የቀጠሮው ሰዓት ለአንቺ ትክክል አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም፤ መናኸሪያ ደውሎ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ መጠየቅ ይበቃል።

የማንነቱን ነገር ደግሞ አገራችን በማጠያየቅ ትፈታዋለች። ስለ ጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት አገር ነው፤ ለአንድ ማኪያቶ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም፤ ሆኖም የት እንደሚሠራና የት ሰፈር እንደሚኖር ጠይቀሽ፣ እሱን የሚያውቅ አንድ ሰው በዘመድ በኩል መፈለግ ነውር የለበትም። ከቅዳሜ በፊት በቪዲዮ አነጋግሪው። ሁለት ወር ሙሉ አውርቶ ፊቱን ለማሳየት በየጊዜው ሰበብ የሚያቀርብ ከሆነ፣ ወይም የሥራ ቦታው በየወሬው የሚቀያየር ከሆነ፣ ያ ከጨረቃ ይልቅ ሊታመን የሚገባው ምልክት ነው።

ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «11 ሰዓት ለመመለሻ ይመሽብኛል። ቀን 6 ሰዓት፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለ ካፌ ብናደርገው ይመችሃል?» ሥራ ካለበት «በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን» ሊል ይችላል፤ ይህ ደህና መልስ ነው። «አታምኝኝም እንዴ?» ብሎ ቢቆጣ፣ ወይም «ስለ መመለሻው አታስቢ፣ ማደሪያ እኔ አለሁ» ቢል ግን፣ ቅሪ። የሁለተኛውም ጥያቄ መልስ በዚሁ ውስጥ ይገኛል፤ ቦታው ሰው የሚበዛበት ከሆነና ለእህትሽ የት እንደምትሆኚ ነግረሻት ከሄድሽ ሥጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

እንዋደዳለን ወይ የሚለው ብቻ ይቀራል፤ እሱን ካልተገናኛችሁ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ካርታው ፈጽሞ ይጣል አልልም። እንደ መልስ ሳይሆን እንደ መነሻ ከያዝሽው ሌላ ሥራ ይሠራል። ያችኑ ጨረቃ ፊት ለፊትሽ አድርገሽ መጀመሪያ ያየሽው የሥዕሉ ክፍል የቱ እንደሆነና ምን እንዳስታወሰሽ በሁለት መስመር ጻፊ። ዓይንሽ መንገዱ ላይ ካረፈ ምናልባት ያስጨነቀሽ ጣርማ በር ነው፤ ውሻና ተኩላው ላይ ካረፈ ምናልባት ልጁን መለየት አቅቶሻል። እዚህም ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲገናኙ ሆድ መባባት የተለመደ ስለሆነ፣ ፍርሃቱ ብቻውን የአደጋ ማስረጃ አይሆንም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ሥጋት አንድ በአንድ አጣሪው። ልጁ 6 ሰዓትን እሺ ካለሽ፣ ለመድረስ እንዳትጣደፊ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኚ፤ ከካፌው ደግሞ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሺ።