በስህተት ብር የደረሰው ሰው ሌባ አይደለም

ዛሬ በጣም ተናድጃለሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በሞባይል ብር ሲላክ ቁጥር ተሳስቶ ሌላ ሰው ጋ ሲገባ ሁላችንም የምናዝነው ለላኪው ነው። ልክ ነው፣ ያሳዝናል። ላቡን ጠብ አድርጎ ያገኘው ብር ነው። ግን ሌላኛው ወገን ላይ ያለው ሰውስ? ሳይጠይቅ፣ ሳይፈልግ የሰው ብር የገባበት ሰውስ? እሱን ማንም ሰው ብሎ አይቆጥረውም። ገና ስልኩን ሲያነሳ ሌባ ነው። እኔ ሰሞኑን እዚያ ቦታ ላይ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሌቴ ውስጥ 2,600 ብር ነበረኝ። 4,000 ብር ገቢ ተደርጎልዎታል የሚል መልእክት መጣ። የላኪውን ስም አላውቀውም። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ። አንድ ሰውዬ ነው። «እህቴ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አገላብጬ ወደ አንቺ ልኬ ነው። እባክሽ አሁኑኑ መልሰሽ ላኪልኝ» አለኝ። ድምፁ ተጨንቋል። እኔም አልካድኩም። «አዎ ገብቷል፣ አልነካውም። ግን እኔ በእጄ አልልክልህም። አሁኑኑ ደንበኞች አገልግሎት ደውልና ይመለስልኝ በል። ሲጠይቁኝ እስማማለሁ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። «አንቺ ሌባ» ከሁሉም ቀላሉ ነበር። ዘመዶቹ ሁሉ ተራ በተራ ደወሉልኝ።

ለምን በእጄ እንደማልመልስ ላስረዳ። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ነው ጨዋው ሰው እየተሰደበ አጭበርባሪው የሚያመልጠው።

አንደኛ፣ መልእክት መጣ ማለት ብር መጣ ማለት አይደለም። አጭበርባሪዎች የሞባይል ብር ድርጅቱን መልእክት ቃል በቃል ገልብጠው ከተራ ስልክ ይልካሉ፤ ከዚያ እያለቀሱ ይደውላሉ። ሰው አዝኖ ከራሱ ኪስ ይልካል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት መልእክቱን ትቼ ራሴ ሜኑው ውስጥ ገብቼ ቀሪ ሂሳቤን ማየት ነው። 6,600 ይላል። የግብይት ዝርዝሩ ውስጥም አለ። እንግዲህ ብሩ እውነት ነው። ሂሳቡ 2,600 ላይ ቢቆም ኖሮ ወሬው እዚያው ያበቃ ነበር።

ሁለተኛው ነው ዋናው። ብሩ እውነተኛ ቢሆንም በእጅ መመለስ አደጋ አለው። ሰውዬው እኔን ከመደወሉ በፊት ወይም እየደወለልኝ ሳለ ድርጅቱ ጋ ይመለስልኝ ብሎ አመልክቶ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ የሚያየው የመጀመሪያውን ግብይት ነው፤ በራሱ የግብይት ቁጥር የተመዘገበውን። እኔ መልሼ የምልከው ደግሞ የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ አዲስ ግብይት ነው። ሲስተሙ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ለሱ እኔ ዝም ብዬ ለአንድ ሰው 4,000 ብር የላክሁ ደንበኛ ነኝ። ከላክሁ በኋላ ዋሌቴ ውስጥ የሚቀረው የራሴው 2,600 ነው፣ የመላኪያው ክፍያ ሳይቀነስ። ያ ማመልከቻ ሲታይ ታዲያ የሚያዘው የቱ ነው? እሱው 2,600 ነው። ያኔ ስልክ ይዤ የማለቅሰው እኔ ነኝ፤ ብሬን ለማስመለስ የሰውዬውን በጎ ፈቃድ የምለምነውም እኔ ነኝ።

ሦስተኛም አለ። አንዳንዱ «በስህተት ላክሁ» የሚለው ብር ከሰው ዋሌት የተሰረቀ ነው። ሌባው መጀመሪያ ወደማያውቀው ሰው ይልከዋል፤ ከዚያ «ወደዚህኛው ቁጥር መልሽልኝ» ብሎ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ባለቤቱ ሲያመለክት መዝገብ ላይ የሚገኘው የኔ ስም ነው። ብሩ ከመጣበት ቁጥር ውጪ ወደ ሌላ ቁጥር ላኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ቀድማችሁ ለድርጅቱ አሳውቁ።

ሰውዬው ይህን ሁሉ ነግሬው አልሰማኝም። ስድቡን ይዞ ሲደውል የቆየበት ጊዜ ደግሞ የሱው ብር የሚቀልጥበት ጊዜ ነበር። ተቀባዩ እኔ ባልሆንና ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ስድቡ እስኪያልቅ ድረስ ወኪል ጋ ሄዶ ያወጣው ነበር። ከወጣ ደግሞ ወጣ ነው። ሪቨርስ የሚደረገው፣ ማለትም ድርጅቱ ወደ ላኪው የሚመልሰው፣ ዋሌቱ ውስጥ ያለ ብር ብቻ ነው። ጥሬ ሆኖ የወጣ፣ ካርድ የተሞላበት፣ ወደ ባንክ የተሻገረ ብር በአንድ ቁልፍ አይመለስም።

ማስመለስ ማለት ምን እንደሆነ ሰው ቢገባው ምን አለበት! ብዙዎች የተላከ መልእክት እንደማጥፋት ያስቡታል። የተላከ ብር አይጠፋም። መዝገቡ ላይ እንዳለ ይኖራል። የሚሆነው ሌላ ነው። ላኪው ለድርጅቱ ያመለክታል፤ በስልክ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ ጋ በሜኑ ወይም በአጭር ቁጥር ይቻላል። የሚጠየቀው የግብይት ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ የላከበትን ሰዓት፣ የተሳሳተውን ቁጥርና ሊልክበት የፈለገውን ትክክለኛ ቁጥር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲነጻጸሩ በአንድ ወይም በሁለት አሃዝ ብቻ ከተለያዩ ስህተቱ ራሱን ይናገራል። ጭራሽ የማይመሳሰሉ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ዕቃ ገዝቶ ከፍሎ ሲያበቃ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ሻጩን ሊያስለቅስ የሚፈልግም ስላለ።

ከዚያ የተቀባዩ ዋሌት ይታያል። ብሩ ካለ ያ መጠን ይያዛል። መያዝ ማለት መውሰድ ማለት አይደለም። ብሩ እዚያው ዋሌት ውስጥ ነው፤ ብቻ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ተቀባዩ ይጠየቃል፤ እስማማለሁ ካለ አዲስ የመመለሻ ግብይት ተሠርቶ ብሩ ወደ ላኪው ይሄዳል። ስምምነቱ የሚጠየቀው በከንቱ አይደለም። ድርጅቱ ከሁለት ሰዎች መካከል ማን እውነቱን እንደሚናገር አያውቅም። ላኪ ባለ ቁጥር ዝም ብሎ ከተቀባይ ላይ የሚያነሳ ቢሆን ማንም ነጋዴ በሞባይል ክፍያ አይቀበልም ነበር። ተቀባዩ እምቢ ካለ ጉዳዩ ከደንበኞች አገልግሎት እጅ ይወጣና ወደ ፖሊስና ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚገጥመው ሕግ አላግባብ መበልጸግ የሚባለው ነው፤ የራሱ ያልሆነ ብር የደረሰው ሰው የመመለስ ግዴታ አለበት። የግብይት ቁጥሩና ቶሎ ማመልከቱ እዚያም ለላኪው ማስረጃ ይሆኑለታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ንዴቴ ልምጣ፤ ይኼኛው በድርጅቱ ላይ ነው። ሰውዬው በመጨረሻ አመለከተ። ጥሩ። ከዚያ እኔ ላይ የሆነው ምንድን ነው? 4,000 ብሩን መያዝ ሲገባቸው ዋሌቴን በሙሉ ዘጉት። የራሴ 2,600 ብርም አብሮ ታሰረ። መላክ አልችልም፣ ማውጣት አልችልም፣ መክፈል አልችልም። የነገረኝም ሰው የለም። ያወቅኩት ክፍያ ልፈጽም ስል «ሂሳብዎ ታግዷል» ሲለኝ ነው። ምክንያት የለውም፣ የጉዳይ ቁጥር የለውም፣ የት እንደምደውል አይናገርም።

ስደውል የደረሰችኝ ልጅ «እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ፣ ጉዳዩ እየታየ ነው» አለችኝ። እየታየ ያለው ምኑ ነው? እኔ እስማማለሁ እያልኩ ነው! ብሩ ይኸው፣ ውሰዱት እያልኩ ነው! ስምምነቴን የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ፤ ምክንያቱም «ተቀባዩን የምናነጋግረው እኛ ስንደውል ነው» ተባልኩ። እነሱ እስኪደውሉ ላኪው ይሰድበኛል፣ የራሴ ብር ታስሯል። በመጨረሻ ደወሉ፣ ተስማማሁ፣ 4,000ው ተመለሰ፣ ዋሌቴም ተከፈተ። ሁሉም ነገር ያለቀው አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ አዎ ስላልኩ ብቻ ነው። ያን ጥያቄ መጀመሪያውኑ ስደውል ለምን አልጠየቁኝም?

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ስህተት ሁሌም እንደሚፈጠር እየታወቀ መሆኑ ነው። የባንክ ካርድ ቁጥርን ተመልከቱ። የመጨረሻው አሃዝ መቆጣጠሪያ ነው፤ ከሌሎቹ አሃዞች ተሰልቶ የሚመጣ። አንዱን አሃዝ ብትሳሳቱ ስሌቱ አይገጥምምና ወዲያው ቁጥሩ ልክ አይደለም ይላችኋል። ስልክ ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር የለውም። 47ን 74 ብላችሁ ብትጽፉ የሚጠብቃችሁ ሌላ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ቁጥሩ ዋሌት የሌለው ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ወይ አይላክም፣ ወይ ሳይወሰድ ቆይቶ ይመለሳል። ዋሌት ካለው ግን ያለው መከላከያ አንድ ነው፤ ከሚስጥር ቁጥሩ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የተቀባዩ ስም። ሰውዬው በኋላ እንደነገረኝ ስሜ ወጥቶለት ነበር። እሺ ብሎ አለፈው። ስሙ በትንንሽ ፊደል ከመጠንና ከክፍያ ጋር ተጨናንቆ ነው የሚወጣው፤ አንዳንዱ ጋ ግማሹ በኮከብ ተሸፍኖ። ስሙን ብቻውን፣ በትልቁ፣ ለብቻው ገጽ ላይ አውጥቶ «ለዚህ ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ ነው?

እንግዲህ ድርጅቶቹን የምጠይቃችሁ ይኼን ነው። ስትይዙ የተጠየቀውን መጠን ብቻ ያዙ። ስትይዙ ለተቀባዩ ወዲያው ጻፉለት፤ ይህ ያህል ብር በዚህ የግብይት ቁጥር ምክንያት ተይዟል፣ ለመስማማት ይህን ይጫኑ፣ ካልተስማሙ በዚህ ይደውሉ በሉት። ስምምነቱንም በሜኑው ራሱ፣ በገዛ ስልኩ ይስጥ፤ ሚስጥር ቁጥር በአፍ የሚጠይቅ አጭበርባሪ መግቢያ እንዳያገኝ። ተቀባዩ ራሱ ደውሎ «የኔ ያልሆነ ብር ገብቷል፣ መልሱት» ሲልም ተቀበሉት፣ የጉዳይ ቁጥር ስጡት። አሁን ያለው አሠራር ብሩን ወኪል ጋ ሮጦ ያወጣውን ሰው አይነካውም። የሚታሰረው ብሩን ሳይነካ ቁጭ ብሎ የጠበቀው ነው።