«በግል ጉዳይ» ብለው የሚለቁ ባለመብቶች

ደመወዙ ለሁለትና ሦስት ወር ያልተከፈለው ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ ብዙ ጊዜ ከሁለት ዓይነት ደብዳቤ አንዱን ይጽፋል። አንደኛው «በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን ለመልቀቅ ስለተገደድኩ፣ ለእስካሁኑ ትብብራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አሠሪውን ሌባ፣ አጭበርባሪና የሠራተኛ ላብ የሚበላ እያለ ሁለት ገጽ ይሞላል። በእኔ እምነት ይበልጥ የሚጎዳው የመጀመሪያው ነው። ስድቡ ቢያንስ ቅሬታ እንደነበረ ያሳያል፤ «የግል ጉዳይ» ግን ክርክር በተነሳ ጊዜ አሠሪው ከፋይሉ አውጥቶ «በገዛ ፈቃዱ ነው የለቀቀው» የሚልበት፣ በሠራተኛው በራሱ ፊርማ የተረጋገጠ ማስረጃ ይሆናል።

ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቀደው አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን ሲጥስ ነው። በቂ ምክንያት ሳይኖር በድንገት መውጣት ግን የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ክፍያ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የደብዳቤው ዋና ሥራ ጥሰቱንና መልቀቁን በግልጽ ማያያዝ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ያልተከፈለው አንድ ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ በቂ ነው፦

«የመጋቢትና የሚያዝያ ወር ደመወዜ እስከ ዛሬ ግንቦት 12 ቀን ድረስ አልተከፈለኝም። ሚያዝያ 6 እና ግንቦት 4 ቀን በጽሑፍ ጠይቄ ምላሽ አላገኘሁም። በዚህ ምክንያት የሥራ ውሌን ከዛሬ ጀምሮ ያለ ማስጠንቀቂያ አቋርጫለሁ። ያልተከፈለኝ ደመወዝና በሕግ የሚገባኝ ማናቸውም ክፍያ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አሠሪው ሊክደው የሚችል ቅጽል የለም። ያለው የባንክ መግለጫ የሚያረጋግጠው ጉድለት፣ ግልባጩ በሠራተኛው እጅ የሚገኝ ጥያቄና ሁለቱን ከመልቀቁ ጋር የሚያስተሳስረው «በዚህ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ» የሚለውም በዘፈቀደ የገባ አይደለም፤ ከአሁን በኋላ መቆየት አልችልም ብሎ የመውጫውን ቀን በወሩ መጨረሻ ያደረገ ሰው፣ ታዲያ እስከዚያ እንዴት ቆየህ የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ከአለቃ ጋር የነበረ ኩርፊያና የተከለከለ የደረጃ እድገት እዚህ ላይ ባይደረቱ ይሻላል፤ ደካማው ምክንያት ጠንካራውን ያደበዝዘዋልና። ሌላ ሥራ ማግኘቱንም ደብዳቤው ውስጥ ማስፈር አያስፈልገውም።

የሚለቅበት ጊዜም እንዲሁ ወሳኝ ነው። ጥሰቱን እያወቀ ለወራት ዝም ብሎ የሠራ ሰው ሁኔታውን እንደተቀበለ ሊቆጠርበት ይችላል፤ አንዳንድ ሕጎችም ለዚህ መብት አጭር የቀን ገደብ ያስቀምጣሉ። በጽሑፍ የቀረቡት ሁለቱ ጥያቄዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታው ስምምነት እንዳልነበረ ያሳያሉ።

የደኅንነት ጉዳይ ሲሆን መልቀቅን ከማሰብ በፊት የሚመጣ አንድ ደረጃ አለ፤ ብዙዎች ይዘሉታል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ኮንቬንሽን ቁጥር 155 በአንቀጽ 13፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ሊደርስ የተቃረበና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ራሱን ቢያገል ተገቢ ካልሆነ ጉዳት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በአንቀጽ 19 መሠረት ሠራተኛው አደጋውን ወዲያውኑ ለቅርብ አለቃው ያሳውቃል፤ አደጋው እስካለና አሠሪው እርምት እስካልወሰደ ድረስም ተመለስ ሊባል አይገባም። እንግዲህ ከማሽኑ ፊት ዞር ማለትና ሥራ መልቀቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መልቀቁ የሚመጣው ከተነገረ በኋላም ምንም ካልተስተካከለ ነው። ያኔም «የሥራ ቦታው አደገኛ ነው» የሚለው የጸሐፊው ድምዳሜ ብቻ ስለሆነ አይበቃም። «የመቁረጫ ማሽኑ መከላከያ ክዳን ከሚያዝያ 20 ጀምሮ ተነስቷል፤ ማሽኑ ያለ ክዳን እየሠራ ነው፤ ሚያዝያ 21 ለፈረቃ ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቄአለሁ» ቢል ግን አንባቢው ራሱ ይደመድማል።

ደብዳቤው መድረሱ መረጋገጥ አለበት። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን ማስመታት፣ አልቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ወይም ከግል ኢሜይል መላክ ይቻላል። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በዚያው ቀን ሊዘጋ ስለሚችል አይታመንም።

በመጨረሻ የሚመጣው የክሊራንስ ቅጽ ነው። ንብረት ስለማስረከብ ከሚያወሩት መስመሮች በታች «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ ያልተከፈለው ሠራተኛ መስመሩን ሰርዞ ወይም «የመጋቢትና የሚያዝያ ደመወዝ አልተከፈለኝም» ብሎ አጠገቡ ጽፎ ይፈርም፤ ይህን ካልፈቀዱለት ንብረቱን በደረሰኝ አስረክቦ ቅጹን ሳይፈርም ይተወው።