ታማኝ፣ ቀልጣፋ፣ ታማኝ

የሥራ ማስታወቂያ የሚጽፈው አንድ ሰው አይደለም። አንዱ የአምናውን ይገለብጣል። የክፍሉ ኃላፊ ከላይ አምስት መስመር ይጨምራሉ። የሰው ሀብት ባልደረባው ከሌላ የሥራ መደብ ያገኘውን ከታች ይለጥፋል። ሥራ አስኪያጁ ሊፈርሙ ሲሉ ደግሞ «ታማኝነት የሚለው አልተረሳም?» ይላሉ። ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሳለ አራተኛው ይገባል። ማንም የሌላውን አያነብም፤ የሚሰርዝማ ጨርሶ የለም። መሰረዝ ድፍረት ይጠይቃል፣ መጨመር ግን ሥራ የሠሩ ያስመስላል።

እጄ የገባው ረቂቅ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ የተዘጋጀ ነበር። 34 መስመር፣ ሁሉም በአንድ ተርታ። ታማኝ፣ ቀልጣፋ፣ ደረሰኝ የሚመዘግብ፣ ታማኝ፣ በዲግሪ የተመረቀ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ደመወዝ በስምምነት፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተግባብቶ የሚሠራ። ሠራተኛ ሳይሆን ሙሽራ የሚፈለግ ይመስላል። «በአራት ከፍለህ፣ ድግግሞሹን አውጥተህ አምጣው» ተባልኩ። የሥራው ተግባራት፣ የግድ የሚያስፈልግ ችሎታ፣ ቢኖር የሚመረጥ ችሎታ፣ የሥራው ሁኔታዎች።

አንድ ባልደረባዬ ነገሩን ሊያቀልልኝ ፈለገ። «ኤክሴል ላይ ለጥፈው፣ ድግግሞሽ የሚያጠፋ ቁልፍ አለው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አለው። ተጫንነው። ከ34ቱ ሁለት መስመር አጠፋና ሥራውን ጨረሰ። ማሽኑ አንድ ነው የሚለው ፊደል በፊደል አንድ የሆነውን ብቻ ነዋ! በእኛ አጻጻፍ ደግሞ አንዱ «የሥራ ልምድ» ሲል ሌላው «የስራ ልምድ» ይላል። አንዱ «ሒሳብ»፣ ሌላው «ሂሳብ»። አንዱ አራት ነጥብ ያስቀምጣል፣ ሌላው ባዶ ይተዋል። ለሰው ዓይን መንታ የሆነው መስመር ለማሽኑ ባዕድ ነው። «ተግባብቶ የሚሠራ» እና «በቡድን መሥራት የሚችል» አንድ መሆናቸውንማ ከየት ያውቀዋል?

ስለዚህ በእጅ። መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር ቁጥር ሰጠሁት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ኋላ ላይ «የእኔ መስመር የት ገባ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩ ካለ «29ኛው ከ3ኛው ጋር ተዋህዷል» ብሎ ማሳየት ይቻላል። ከዚያ ምንም ሳልሰርዝ መደብኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ቀድሞ ሰርዞ ኋላ ይመድባል። ተደራራቢ መስመሮች ግን የሚታወቁት አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። 3ኛው እና 29ኛው ተራርቀው ሳለ ማንም አይጠረጥራቸውም።

ለመመደብ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነው። ይሄ ሰውዬው በር ላይ ሲደርስ ይዞት የሚመጣው ነው ወይስ ከገባ በኋላ የሚሠራው? «ወርሃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት የሚችል» ችሎታ መስሎ የተጻፈ ተግባር ነው። «የሚችል» የምትለው ቃል ተግባሩን ሁሉ ችሎታ አስመስላ ታሳልፋለች። እሷን ሳነሳ ሰባት ያህል መስመር ወደ ተግባራት ተመለሰ።

«በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል» ግን አስቸገረኝ። የክፍሉን ኃላፊ ጠየቅኋቸው።

«ጫናው መቼ ነው የሚኖረው?»

«በወር መጨረሻ፣ ሒሳብ ሲዘጋ።»

«ያኔ ሠራተኛው ስንት ሰዓት ይወጣል?»

«እሱማ... እንደ ሁኔታው ነው።»

አያችሁ? ችሎታ አይደለም፣ ትርፍ ሰዓት ነው። «በወር መጨረሻ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ይሠራል» ብዬ ወደ ሁኔታዎች ወሰድኩት። ኃላፊው አነበቡትና «እንዲህ ሲጻፍ ያስፈራል» አሉ። እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው።

ወደ ድግግሞሹ ስመጣ ዋናው አደጋ ተገለጠ። 6ኛው መስመር «3 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። 21ኛው «ቢያንስ 5 ዓመት የስራ ልምድ»። ለዓይን ድግግሞሽ ነው፤ አንዱን ሰርዞ ማለፍ ይቻላል። ግን ይሄ ድግግሞሽ ሳይሆን ጠብ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ሁለት የተለያዩ ሠራተኞች ፈልገዋል። የትኛውን ላጥፋ? የማጥፋት ሥልጣን የእኔ አይደለም። መልሼ ጠየቅኩ። «ሦስት ይበቃል፤ አምስት ካለው ግን ደስ ይለናል» አሉ። ሦስቱ የግድ ከሚለው ገባ፣ አምስቱ ቢኖር ይመረጣል ከሚለው። ዝም ብዬ ሦስቱን ሰርዤ ቢሆን ኖሮ የአራት ዓመት ልምድ ያለው ሰው አንብቦ ይተወው ነበር።

ኮምፒውተርም በሦስት መስመር ነበር። «የኮምፒውተር እውቀት ያለው»፣ «የቢሮ ሶፍትዌር የሚጠቀም»፣ «ኤክሴል ጠንቅቆ የሚያውቅ»። እንዲህ ሲሆን የሚቀረው ጠበብ ብሎ የተጻፈው ነው። ኤክሴል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተር ማብራት አያቅተውም።

ቀጥሎ ከግድ እና ከሚመረጥ። እዚህ ኃላፊዎች ሁሉ ልባቸው ትልቅ ነው፤ ሁሉም ነገር ግድ ይሆናል። የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ሌላውን ሁሉ አሟልቶ ይሄ ብቻ የጎደለው ሰው ቢመጣ ትመልሱታላችሁ? መንጃ ፈቃድ ላይ ስደርስ ኃላፊው ዝም አሉ። ከተግባራቱ ውስጥ መንዳት የሚጠይቅ አንድም የለም።

«ታዲያ ለምን ተጻፈ?»

«ከዚህ በፊት የነበረው ልጅ ነበረው።»

ለካ ማስታወቂያው የሚፈልገው የሒሳብ ሠራተኛ አይደለም። የለቀቀውን ልጅ ነው። መንጃ ፈቃዱ ወጣ፤ ወደሚመረጠውም አልሄደ።

ታማኝነት አራት ቦታ ነበር። ሌባ ማስታወቂያውን አንብቦ «ይሄስ ለእኔ አይሆንም» ብሎ የሚመለስ ይመስል። ከማመልከቻ ላይ የማይመዘን ነገር ስለሆነ ሁሉንም ላወጣ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁን አስቤ አንዱን ተውኩ። ይሄ ሙያ አይደለም፣ ፖለቲካ ነው።

መጨረሻ ላይ 34ቱ 16 ሆኑ። ተግባራት ሰባት፣ የግድ አምስት፣ የሚመረጥ ሁለት። ሁኔታዎች ሁለት፦ በወር መጨረሻ ትርፍ ሰዓት፣ እና ደመወዝ በስምምነት። በተርታው ውስጥ ተደብቆ የነበረው ይሄ ነው። ድርጅቱ የሚፈልገው ዝርዝር ረጅም ሲሆን የሚሰጠው አንድ መስመር ነበር፣ እሱም «እንነጋገራለን» የሚል። በ34 መስመር መሃል ማንም አያየውም። ርዕስ ተሰጥቶት ብቻውን ሲቆም ግን ይታያል።

ኃላፊው ወረቀቱን ይዘው ቆዩ። «ይሄኛው ክፍል ባዶ ሆነብኝ» አሉ። «ከላይ ካወጣሃቸው ጥቂት መልሰህ ብታስገባበትስ?»

«ከታማኞቹ?»

ሳቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ይነግሩኝ ጀመር። የሥራ ሰዓቱን፣ የሙከራ ጊዜውን፣ ቅጥሩ በኮንትራት ይሁን በቋሚነት፣ ትርፍ ሰዓቱ እንደሚከፈል። ደመወዙን «ከዚህ እስከዚህ» ብለን እንጻፈው ስላቸው ግን ተነሱ። እሱን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋግረው እንደሚያሳውቁኝ ነገሩኝ።