እርማት፦ ትንፋሽ ሲሳብ የሚወጋው ሁሉ ብርድ አይደለም

«ትከሻዎቼ መሃል ጀርባዬን ይወጋኛል፣ ትንፋሽ ስስብ ይብሳል። ሳንባዬን ብርድ መቶት ነው አይደል?»

ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ ሳንባ አይደለም። ጎድን አጥንት ከአከርካሪ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በየትንፋሹ ይንቀሳቀሳል። እሱ ወይም አጠገቡ ያለው ጡንቻ ሲቆጣ፣ ስትተነፍስ ይወጋል።

ኮዬ ፈጬ የምትኖር ጎረቤቴ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክማ በማግስቱ እንዲሁ ሆነች። ከአከርካሪዋ ጎን በአውራ ጣቴ ስጫነው «እሱ ነው!» ብላ ጮኸች። ስትጠማዘዝም ያማት ነበር። ሲጫኑት ያው ሕመም መምጣቱ ወደ ጡንቻና መገጣጠሚያ ይጠቁማል፤ ሌላውን ግን ጨርሶ አያስቀርም።

በጀርባህ ስትተኛ ብሶ ወደፊት ስታጎነብስ ከቀለለህ፣ የልብ ሽፋን ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለም ወጌሻ ጋ ሳይሆን ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ።