«ውድ ቤተሰቦቼ» ሲባል ኪስህን ዳብስ

ኢንተርኔት ላይ የምከተለው ሰው በደህና ቀን ተነስቶ «ውድ ቤተሰቦቼ» ካለኝ እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል። ዋጋ ጨምሯል ማለት ነው።

ይህን እያወቅሁ እኔም አደረግሁት። ፎቶ አነሳስ በኢንተርኔት አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወርሃዊ ክፍያውን አልነካሁም፤ አሁን ግን ሩብ ያህል መጨመር ነበረብኝ። መቶ ይከፍል የነበረ ሰው 125 ይከፍላል እንበል። ተቀምጬ ስድስት አንቀጽ ጻፍኩ። አንደኛው ምስጋና ነው። ሁለተኛው «አብረን ስለተጓዝነው መንገድ» ይተርካል። ቁጥሩ አምስተኛው አንቀጽ ላይ በሁለት የልብ ምልክቶች መሀል ተሸጉጧል።

ለእህቴ አሳየኋት። ገና ግማሹ ላይ ቀና አለች።

«ሰው ሞቷል ወይስ ዋጋ ጨምሯል?»

«ጭማሪ አላልኩም። አነስተኛ ማስተካከያ ነው።»

«ማስተካከያ ወደ ታች ሲሆን አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም።

«የሚከፍልህ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቁጥሩን ነው» አለች። «እስኪያገኘው ድረስ ያለውን ምስጋና ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። ባገኘው ጊዜ ደግሞ ‹ለካ ለዚህ ነው› ይልሃል።»

ቁጥር የደበቀ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ተከታዮች የሚወዷቸውን የፈጠራ ሰዎች በየወሩ የሚደግፉበት ፓትሪዮን የሚባል ድረ ገጽ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የክፍያ ለውጥ አስታወቀ። ዜናው ለፈጠራ ሰዎቹ የምሥራች ተደርጎ ነበር የቀረበው፦ ከእያንዳንዱ ድጋፍ 95 በመቶው እጃችሁ ይገባል። ደጋፊዎቹ ግን ሒሳቡን ሠሩት። በእያንዳንዱ ድጋፍ ላይ 2.9 በመቶ እና 35 ሳንቲም ይጨመርባቸዋል። መቶ ዶላር ለሚሰጥ ሰው ከሦስት ዶላር ብዙም አያልፍም። አንድ ዶላር የሚሰጠው ግን 1.38 ሊከፍል ነው። ለአሥር ሰዎች አንድ አንድ ዶላር የሚያካፍለው ደግሞ፣ ያ ደጉ ሰውዬ፣ ዱላውን አሥር ጊዜ ሊቀምስ ነው። ደጋፊዎች ጥለው መውጣት ጀመሩ፤ የደነገጡት ምሥራች የተባለላቸው የፈጠራ ሰዎች ነበሩ። ኩባንያው በሳምንት ገደማ ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ሐሳቡን አነሳ።

እህቴ ጽሑፌን ቀደደችው። «ለምን ጨመርክ?» አለችኝ። አምስት ምክንያት ደረደርኩላት። የተማሪዎቹን ፎቶ እያየ የሚያርም ረዳት መቅጠሬን ስነግራት አስቆመችኝ።

«እሱ እውነት ነው። የቀሩት አራቱ ጠበቆቹ ናቸው። አሰናብታቸው።»

የመጨረሻው ጽሑፍ አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ። የድሮው ዋጋ ይህ ነበር፣ አዲሱ ይህ ነው። ለአዲስ ተመዝጋቢ ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል፣ አሁን ላላችሁት ግን ከሦስት ወር በኋላ። ምክንያቱ ረዳቱ ነው። ማቋረጥ ለሚፈልግ ቁልፉ እዚህ ጋ አለ። እኔ ለነባሮቹ «ለዘላለም በድሮው ዋጋ» ልል ዳድቶኝ ነበር። እሷ ከለከለችኝ፤ ዘላለም ረጅም ነው፣ የረዳቱ ደመወዝ ደግሞ በየወሩ ነው።

«ከመጨመሩ በፊት ፍጠኑ!» የሚለውንም አጠፋችው። ይቅርታ እየጠየቁ መሸጥ አይሆንም አለች።

ለሚከፍሉት በኢሜይል ቀድሜ ላክሁ፣ ለሁሉም ተከታይ ከሁለት ቀን በኋላ ለጠፍኩ። ክፍያው ከሰው ሒሳብ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነ ይህ ቅደም ተከተል ቀልድ አይደለም። ጭማሪውን ከባንክ መልእክት የሰማ ሰው እንደተሰረቀ ነው የሚቆጥረው።

የመጀመሪያው ኮሜንት አንድ ክንድ ይረዝማል። «ስግብግብነት ነው! ከዛሬ ጀምሮ አቋርጫለሁ!» ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ዝርዝሩን ከፍቼ ስሙን ፈለግሁ። ሰውዬው አንድም ወር ከፍሎ አያውቅም። ያቋረጠው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

በእውነት የሚሄዱት ድምፅ አያሰሙም። ከዘጠና ተማሪዎቼ ሰባቱ ወጡ፤ ሁለቱ ባወጅኩበት ሳምንት፣ አምስቱ አዲሱ ዋጋ በተቆረጠበት ወር። በመጀመሪያው ሳምንት «ተረፍን» ብዬ መጨፈሬ ለካ ሳይነጋ ነበር። ቢሆንም ሩብ የጨመረ ሰው ከአምስት ደንበኛ አንዱን ቢያጣ እንኳ ገቢው ያው ነው፤ ለእኔ አሥራ ስምንት ሰው ማለት ነው። አንዷ ስትወጣ «አቅሜ አይፈቅድም እንጂ ትምህርቱን ወድጄዋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። ለእሷ ረጅም መልስ ጻፍኩ። ለባለ አንድ ክንዱ «ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብቻ።

ትናንት ከእህቴ መልእክት ደረሰኝ። እስካሁን ጽሑፌን በነፃ ነው የምታርመው።

«ውድ ወንድሜ» ይላል መጀመሪያው።

ቀሪውን ሳላነብ «ስንት ሆነ?» ብዬ መለስኩላት።