የስታርትአፕ ዋጋ በሁለት ሴሎች ላይ ሲቆም

ለባለሀብት በሚቀርብ የስታርትአፕ የዋጋ ግምት ላይ ሰዎች ሲከራከሩ ጊዜያቸውን የሚጨርሱት በአምስቱ ዓመታት ትንበያ ነው። ድርጅቱ የወተት ከሆነ ስንት ሊትር ይሰበሰባል፣ ሊትሩ በስንት ይሸጣል፣ ስንት መኪና ያስፈልጋል ይባላል። አብዛኛው ዋጋ ግን ያለው እዚያ ሳይሆን ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ለሚመጣው ዘመን ሁሉ በአንድ መስመር ቀመር በሚሰጠው ቀሪ ዋጋ ውስጥ ነው፤ የሙያው ሰዎች ተርሚናል ቫልዩ ይሉታል። ይህ መስመር ሳይመረመር ከሥሩ የሚዘረጋ፣ ግብዓቶቹ ሲለዋወጡ ዋጋው ስንት እንደሚሆን የሚያሳይ የሴንሲቲቪቲ ሠንጠረዥ አንዱን ስህተት በዘጠኝ ሴል አባዝቶ ከማሳየት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ድርጅት በሐሳብ እናቋቁም። ከጫጫና ከባሶና ወራና ገበሬዎች ወተት ይረከባል፤ ምዝገባውንና ክፍያውን በስልክ መተግበሪያ ያከናውናል። ወተቱን ደብረ ብርሃን ላይ አቀዝቅዞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው አዲስ አበባ ያቀርባል። የአምስቱ ዓመታት ነፃ የገንዘብ ፍሰቱ በሚሊዮን ብር ሲቀመጥ ከዜሮ በታች 6፣ ከዜሮ በታች 2፣ ከዚያ 3፣ 8 እና 14 ነው እንበል። የወደፊት ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበት የቅናሽ ምጣኔ 30 በመቶ፣ ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ያለው ዘላቂ ዕድገት ደግሞ 10 በመቶ ይሁን።

30 በመቶ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ባለሀብቱ ከግሽበት በላይ 18 በመቶ ይፈልጋል፣ የረጅም ጊዜ ግሽበት ደግሞ 10 በመቶ ይሆናል ብለን ከተነሳን፣ 1.18 በ1.10 ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት 29.8 በመቶ ይመጣል። በዚሁ ስሌት 10 በመቶው ዕድገት ሊትር አይጨምርም፤ ዋጋው ከግሽበቱ ጋር እኩል ይሄዳል ማለት ብቻ ነው። አንዱን ግሽበት ያለበት፣ ሌላውን ግሽበት የሌለበት አድርጎ መቀላቀል ግን ግምቱን ያበላሻል። ከውጭ ሰነድ የተቀዳ የዶላር የቅናሽ ምጣኔ በብር በተተነበየ ፍሰት ላይ ሲጫን የሚፈጠረው ይኸው ነው፤ የብር ግሽበት ከላይ ይገባል፣ ከታች ግን አይቀነስም።

ሒሳቡ በኤክሴል አንድ መስመር ነው። ምጣኔው B2፣ ዕድገቱ B3፣ ፍሰቱ ከC10 እስከ G10 ይቀመጥ፦

```
=NPV($B$2,$C$10:$G$10)+$G$10*(1+$B$3)/($B$2-$B$3)/(1+$B$2)^5
```

ፍሰቱን ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልሰው NPV የመጀመሪያውን ሴል በአንድ ዓመት ቀንሶ ስለሚያሰላ ዛሬ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ከቅንፉ ውጭ ይደመራል። የዚህ ቀመር ውጤት 22.9 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የአምስቱ ዓመታት ድርሻ 2.1 ሚሊዮን ብቻ ሲሆን ቀሪው 20.7 ሚሊዮን፣ ማለትም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ቀሪ ዋጋ ነው። ጀማሪ ድርጅት መጀመሪያ ላይ ስለሚከስር ይህ መሆኑ አያስገርምም። የሚያስገርመው 90 በመቶውን የተሸከመው የአምስተኛው ዓመት 14 ሚሊዮን ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ሰው ማነሱ ነው።

እንበትነው። ከወለድና ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 22 ሚሊዮን ነው። የ30 በመቶው የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ሲነሳ 15.4 ይቀራል። የእርጅና ቅናሹ ጥሬ ገንዘብ ስላልወጣበት 4 ሚሊዮን ይመለሳል፤ ለአዲስ ዕቃ ግዥ 2፣ ለሥራ ማስኬጃ ካፒታል 3.4 ይወጣል። ውጤቱ 14 ነው። ሁሉም መስመር ለአንድ ዓመት ያህል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማቀዝቀዣው ገና አዲስ ነው፣ መኪናውም አልደከመም፣ ስለዚህ በዚያ ዓመት ብዙ አይገዛም። ቀመሩ ግን ይህንኑ ዓመት ለዘላለም ይደግመዋል። በየዓመቱ 4 ሚሊዮን የሚያረጅ ንብረት በ2 ሚሊዮን እየተተካ፣ ድርጅቱ ደግሞ በ10 በመቶ እያደገ ይኖራል ማለት ነው።

ይህን የሚያጋልጥ አንድ ማካፈል አለ። የተጣራው አዲስ ኢንቨስትመንት 2 ሲቀነስ 4 ሲደመር 3.4፣ ማለትም 1.4 ሚሊዮን ነው፤ ከ15.4 ሚሊዮኑ ትርፍ 9.1 በመቶ ይሆናል። የ10 በመቶ ዕድገት በ9.1 በመቶ ኢንቨስትመንት እንዲገኝ አዲስ የገባ እያንዳንዱ ብር በየዓመቱ 1 ብር ከ10 ሳንቲም የተጣራ ትርፍ ማምጣት አለበት። 110 በመቶ የትርፍ ምጣኔ፣ ያውም ለዘላለም፣ በወተት ንግድ! ሞዴሉን የሠራው ሰው እንዲህ ብለው ቢጠይቁት አዎ አይልም፤ የስፕሬድሺቱ ቀመር ግን ሳይጠየቅ አዎ ብሏል።

ግሽበት ባለበት አገር ችግሩ ይብሳል። የእርጅና ቅናሽ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት በድሮው ዋጋ ነው፤ ምትክ የሚገዛው ግን በዚያን ጊዜው ገበያ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ ለሚመጣ ማቀዝቀዣ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሊትሩ ባይጨምርም እንኳ በቀሪ ዋጋው ዓመት የዕቃ ግዥ ከእርጅና ቅናሽ መብለጥ አለበት።

ጾሙም ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩ የወተት ገበያ ከዓመቱ ብዙውን ክፍል ይቀዘቅዛል፤ ላሟ ግን አትጾምም። ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሦስት ደህና ወራት በአራት አባዝቶ «ዓመታዊ» የሚል ትንበያ ከቀረበ ስህተቱ አንድ ዓመት ላይ አይቆምም፤ በቀሪ ዋጋው በኩል ሙሉውን ግምት ያሳብጣል።

መፍትሔው 14ን መጣልና ቀሪ ዋጋውን ከትርፉ መጀመር ነው። ሌላ ሰው ተመሳሳይ ማቀዝቀዣ ገዝቶ ጫጫ ላይ መቆም ስለሚችል፣ በረጅም ጊዜ የአዲስ ኢንቨስትመንት የትርፍ ምጣኔ ወደ ቅናሽ ምጣኔው ይወርዳል ብሎ መነሳት ጤናማ ነው፤ ስለዚህ 30 በመቶ እንያዝ። 10 በመቶ ለማደግ ከትርፉ 10 ለ30፣ ማለትም አንድ ሦስተኛው ተመልሶ ይገባል። የስድስተኛው ዓመት ትርፍ 15.4 በ1.10 ሲባዛ 16.94 ነው፤ ሁለት ሦስተኛው 11.3 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለ0.20 ሲካፈል 56.5 ይመጣል። ወደ ዛሬ ሲመለስ 15.2 ሚሊዮን ነው። ከአምስቱ ዓመታት ጋር ድርጅቱ 17.3 ሚሊዮን ያወጣል። የሽያጭ ትንበያው ሳይነካ ከዋጋው አንድ አራተኛ ያህሉ ወረደ።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንምጣ። ባልታረመው ቀመር ሲሠራ በሚሊዮን ብር ይህን ይመስላል፤ ወደ ታች የቅናሽ ምጣኔው፣ ወደ ጎን ዕድገቱ ነው።

| | 8% | 10% | 12% |
|---|---|---|---|
| 25% | 32.5 | 37.0 | 42.8 |
| 30% | 20.6 | 22.9 | 25.6 |
| 35% | 13.7 | 14.9 | 16.4 |

ከ13.7 እስከ 42.8 ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። መሥራቹ ወደ ቀኝ ከፍ ብሎ ይጠቁማል፣ ገንዘብ ሰጪው ወደ ግራ ዝቅ ብሎ፤ ድርድሩ ስለ ወተት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሴል ይሆናል። በታረመው ቀመር የ30 በመቶው ረድፍ 17.1፣ 17.3 እና 17.6 ይላል። አዲስ ኢንቨስትመንት ከቅናሽ ምጣኔው በላይ ካላስገኘ ዕድገት ዋጋ አይጨምርምና ዕድገቱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ከዕድገቱ ይልቅ የአዲሱን ኢንቨስትመንት የትርፍ ምጣኔና የአምስተኛውን ዓመት የትርፍ ህዳግ በሠንጠረዡ ጎንና ቁልቁል ላይ ማስቀመጥ የተሻለ ነው እንላለን፤ ሁለቱም ከመስክ መረጃ ጋር ሊመሳከሩ ይችላሉ።

በኤክሴል ሠንጠረዡ የሚሠራው በData Table ነው፦ በማዕዘኑ ሴል ውጤቱን መጥራት፣ ክልሉን መምረጥ፣ ከዚያ Row input cell ላይ B3፣ Column input cell ላይ B2 መስጠት። ሁለቱ ከተቀያየሩ ቁጥር መውጣቱ አይቀርም፤ ስህተት መሆኑን የሚናገር መልእክት ግን አይመጣም። የሚያጋልጠው የመሃሉ ሴል ነው፤ ከዋናው ውጤት ጋር እኩል ካልሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። የሠንጠረዡ ራስጌዎች በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች ይሁኑ፤ ከB2 ወይም ከB3 ጋር ከተያያዙ ሠንጠረዡ ሲያሰላ እነሱም አብረው ይለዋወጣሉ። ሴሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳዩ ስሌቱ ምናልባት ሠንጠረዦችን ሳይጨምር እንዲሠራ ተደርጓል፤ F9 መጫን ይበቃል። ግብዓቶቹም ከሠንጠረዡ ጋር በአንድ ገጽ ላይ መሆን አለባቸው። ጉግል ሺትስ ይህ መሣሪያ ስለሌለው ቀመሩ በየሴሉ ይጻፋል፤ ምጣኔው $A20፣ ዕድገቱ B$19 ተብሎ።

አንዳንዶች ከዚህ ሁሉ ለመሸሽ የአምስተኛውን ዓመት ትርፍ በአንድ ብዜት ያባዛሉ። ከወለድ፣ ከግብር እና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለውን 26 ሚሊዮን በ8 ቢያባዙት 208 ሚሊዮን ይመጣል። በ14 ሚሊዮኑ ፍሰትና በ30 በመቶው ምጣኔ ወደ ኋላ ሲሰላ ይህ የ21.8 በመቶ ዘላለማዊ ዕድገት ነው፤ 10 በመቶ ግሽበት በተያዘበት ሞዴል ውስጥ። ስምንት እጥፍ የሌላ አገር ወለድና የሌላ አገር ግሽበት ውጤት ነው፤ የእኛው ስሌት የሚሰጠው ብዜት 2.2 ብቻ ነው።

የመክሰም አደጋ ይቀራል። እሱን ለመሸፈን የቅናሽ ምጣኔውን ወደ 50 ወይም 60 መስቀል የተለመደ ነው፤ አይመከርም፤ አደጋው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካለፈ በኋላም ዘላለሙን እንደሚቆይ ይቆጥራልና። 17.3 ሚሊዮን ድርጅቱ ከተረፈ የሚያወጣው ነው። የመትረፍ ዕድሉ 60 በመቶ፣ ቢዘጋ ማቀዝቀዣው በዛሬ ዋጋ 2 ሚሊዮን ያወጣል ከተባለ፣ 10.4 ሲደመር 0.8፣ ማለትም 11.2 ሚሊዮን ይሆናል። ዕድሉ 50 ቢሆን 9.7፣ 70 ቢሆን 12.7 ነው። ይህ ረድፍ ከሠንጠረዡ ሥር ለብቻው ይቀመጥ፤ ስለ እሱ መከራከር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ጫጫ ላይ ወተቱን የሚረከቡት እንጂ ስፕሬድሺቱን የሚሠሩት አይደሉም።