ኪራዩን «ምናልባት» እከፍላለሁ

ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ወር ደሞዜ ዘገየ። ኪራይ ደግሞ ወር በገባ በ5ኛው ቀን ነው የሚከፈለው። ለአከራዮቹ ኢሜይል ጻፍኩ። የፈለግኩት «የኋላ ኋላ እከፍላለሁ፣ አትስጉ» ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ኢቨንቹዋሊ» የሚለው ቃል መጣልኝ። በፈረንሳይኛ ወንድሙ የሚመስል «ኤቫንቱኤልማን» አለ። ጽፌ ላክሁት።

ትርጉሙ ለካ «ምናልባት፣ ከሆነ» ነው። ለአከራይ «ኪራዩን ምናልባት እከፍላለሁ» ብዬ ስሜን ከሥር አኑሬያለሁ!

መልሱ ፈርሜ በምቀበለው ደብዳቤ መጣ። መጀመሪያው ላይ «ዱማንዶን» ይላል። የእንግሊዝኛው «ዲማንድ» ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። ዝቅ ሲል የስምንት ቀን «ዴሌ» ሰጥተውኛል። እሱንም «ዲሌይ» ብዬ አነበብኩት፤ ስምንት ቀን ብዘገይ ችግር የለም ያሉኝ መሰለኝ። ደብዳቤውን ያሳየኋት የሥራ ባልደረባዬ ሳቋ መጣ። «ዱማንዴ» ተራ መጠየቅ ነው፤ «ዴሌ» ግን ቀነ ገደብ ነው። በማያስፈራው ደንግጬ፣ በሚያስፈራው ተደስቼ ነበር።

አዲሱን ኢሜይል አብረን ጻፍነው። «የኋላ ኋላ»ን በሌላ ቃል አልተካችውም፤ ቀኑን ጻፍ አለችኝ። «ደሞዜ በ12 ይገባል፣ ኪራዩን በዚያው ቀን እከፍላለሁ።» አለቀ።

ቀጥሎ የራሳችን አማርኛ ጉድ ወጣ። «እስከ 12 እባክዎ ይታገሱኝ» የሚለውን «ሲል ቩ ፕሌ» ብዬ በትእዛዝ አንቀጽ አስገባሁት። እኛ ዘንድ «ይታገሱኝ» ውስጥ አክብሮቱ አለ። እነሱ ዘንድ «እርስዎ» የሚለው «ቩ» ብቻውን አይበቃም፤ «ሲል ቩ ፕሌ» ተጨምሮበትም ትእዛዝ ትእዛዝ ይሸታል። ባልደረባዬ «ፑሪዬ ቩ» ብላ ቀየረችው፤ «ይችሉ ይሆን» እንደማለት ነው። «ሰላም ነዎት? ቤተሰብ እንዴት ነው?» የሚለውን መግቢያዬን ሙሉ በሙሉ ሰረዘችው። በ«ማዳም፣ ሙስዩ» ተጀምሮ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል። (ሙስዩ ማለት አያቶቻችን «ሙሴ» ያሉት ነው።) እኔ ግን ሰላም ሳይባል ገንዘብ ማንሳት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ፈረንሳይኛ የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል አልፈን ስለሆነ ድርብ ወጥመድ አለብን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም አያመልጡም። አንዲት አሜሪካዊት አብራን ትሠራ ነበር። አዲሱን አለቃ ለማግኘት ጓጉቻለሁ ልትል «ኤክሲቴ» ነኝ ብላ ጻፈችለት። ቃሉ ለሰው ሲነገር የአልጋ ነገር ይመስላል። አለቃው ምንም አላላትም። በማግስቱ ግን በር ከፍቶ ነበር ያነጋገራት።